ምጣድ ሲበራ የሚጨምር ጉምጉምታ፦ የዕድራችን አዳራሽ የድምፅ መሣሪያ

የዕድሩ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኘው የሰፈራችን ዕድር አዳራሽ የድምፅ መሣሪያውን በፈቃደኝነት የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ከስድስት ወር በፊት ሚክሰሩን ከመድረኩ ጎን አንሥተን ወደ አዳራሹ ኋላ ወሰድነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ድምፅ ማጉያዎቹ ሳያቋርጡ «እምምም» ይላሉ። ሰው ሲናገር ብዙም አይሰማም፤ የኅሊና ጸሎት ሲደረግ ግን አዳራሹ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስላል።

ሚክሰሩ የሚሠራው ከኋላው ግድግዳ ሶኬት ነው። አምፕሊፋየሩ መድረኩ አጠገብ ስለሆነ የሚሠራው ከመድረኩ ሶኬት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው 28 ሜትር የሚሆን፣ አንድ ሽቦ በመረብ የተሸፈነበትና እኔ ራሴ በሁለቱም ጫፍ ሞኖ ጃክ የበየድኩበት ኬብል ነው። ከሚክሰሩ ጋር ላፕቶፕ አለ፤ ላፕቶፑም በኤችዲኤምአይ ከጣሪያው ፕሮጀክተር ጋር ተያይዟል።

አንድ ጥገና ቤት «የአምፕሊፋየሩ ፊልተር ካፓሲተር ደክሟል» ብለው ቀይረው አስከፈሉን፤ ለውጥ የለም። ኬብሉንም ቀይሬ አይቻለሁ። ግንኙነት ይኑረው አይኑረው አላውቅም እንጂ፣ ከኋላው ግድግዳ ጀርባ ባለው ወጥ ቤት እናቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያበሩ ጉምጉምታው እጅግ ይጨምራል። ከየት ልጀምር?

ፊውዝ

ወንድሜ፣ ይህ ግልጽ የሆነ ግራውንድ ሉፕ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ጊዜ በመብራት ገመዳቸው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በድምፅ ኬብሉ መረብ በኩል ከግራውንድ ጋር ስለተያያዙ ቀለበት ሠርተዋል። ቀለበቱ ይቆረጥ። የአምፕሊፋየሩን ሶኬት አውጥተው በጎንና በጎን ያሉትን የግራውንድ ብረቶች በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኗቸውና መልሰው ይሰኩት፤ በአንድ ደቂቃ ጸጥ ይላል። እኔ ከአሥር በላይ ቦታ እንዲህ አድርጌ አንዱም ተመልሶ አልጠራኝም። ምጣዱ ደግሞ ቮልቴጁን ስለሚጥለው ነው፤ ለሚክሰሩ ስታቢላይዘር ይግዙለት።

ቀይ ብየዳ

ፊውዝ፣ በሽታውን በትክክል ሰይመውታል፤ መድኃኒቱ ግን ሰው የሚገድል ነው። ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ቀን የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ሽፋኑ ተልጦ ፌዙ ሣጥኑን ቢነካ፣ ያ ኃይል ወደ መሬት የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለማያገኝ በድምፅ ኬብሉ መረብ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል። መረቡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ነው፤ ብሬከሩን እስኪያወርደው ድረስ መሸከሙ ያጠራጥራል። መረቡ ከተቃጠለ ሣጥኑ 220 ቮልት ይዞ ይቀመጣል፤ የኋላው ሶኬት ግራውንድ የሌለው ከሆነ ደግሞ ያው 220 ቮልት በማይክሮፎኑ አካል ወደ ተናጋሪው እጅና ከንፈር ይደርሳል። ተመልሶ የጠራዎት ሰው አለመኖሩ ጥፋቱ እስካሁን አለመከሰቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስታቢላይዘሩም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደፊት እመለስበታለሁ።

የዕድሩ ልጅ፣ ምንም ሳይገዙ አራት ነገሮችን ይሞክሩና ውጤቱን ይጻፉልን። ኬብል በነቀሉና በሰኩ ቁጥር አስቀድመው የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ይቀንሱት።

አንደኛ፣ የሚክሰሩን ዋና ማንሸራተቻ እስከ ታች ያውርዱትና ጉምጉምታው ይቀንስ እንደሆነ ያዳምጡ። ሁለተኛ፣ 28 ሜትሩን ኬብል ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉት። ሦስተኛ፣ ኬብሉን መልሰው ሰክተው ሚክሰሩን በማብሪያ ማጥፊያው ብቻ ያጥፉት። አራተኛ፣ ሚክሰሩ እንደጠፋ የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉት። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይነግረናል።

ባለ ቤዝ

እኔም ይኸው ችግር አለብኝ። ጊታሬ ከአምፕሊፋየር ጋር ሲያያዝ ያጉመጉማል፤ እጄ ክሮቹን ሲነካ ግን ጸጥ ይላል። እኔም የግራውንድ ብረቱን ልሸፍን?

ቀይ ብየዳ

አይሸፍኑ። የእርስዎ ሉፕ አይደለም። ሰውነትዎ በአካባቢው ካለው የመብራት ሽቦ የኤሌክትሪክ መስክ እየተቀበለ ወደ ጊታሩ ፒክአፕ ያስተላልፋል፤ ክሮቹን ሲነኩ ሰውነትዎ ከግራውንድ ጋር ስለሚገናኝ ድምፁ ይቆማል። የፒክአፑን ክፍል ውስጡን በመዳብ ወረቀት አልብሰው ወረቀቱን ከግራውንድ ጋር ያያይዙት። ዝርዝሩን በሌላ ክር እንነጋገር።

የዕድሩ ልጅ

ዛሬ አዳራሹ ባዶ ስለነበር አራቱንም ሞከርኩ። ማንሸራተቻው ሲወርድ ጉምጉምታው ቅንጣት አልቀነሰም። ኬብሉ ከአምፕሊፋየሩ ሲነቀል ፍጹም ጸጥ አለ። ኬብሉን መልሼ ሚክሰሩን በማጥፊያው ሳጠፋው፣ የገረመኝ ይህ ነው፣ የጠፋ ሚክሰር ማጉምጎሙን ቀጠለ። የመብራት ገመዱን ከግድግዳ ስነቅለው ግን ወዲያው ቆመ።

ቀይ ብየዳ

በጣም ጥሩ። እያንዳንዱ መልስ አንድ ተጠርጣሪ ከመዝገብ ያስወጣልናል። ኬብሉ ሲነቀል ጸጥ ካለ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፤ የካፓሲተሩ ገንዘብ በከንቱ ወጥቷል። ማንሸራተቻው ካልቀየረው ድምፁ የሚገባው ከሚክሰሩ ውጤት በኋላ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን፣ ቢበዛም ፌዙንና ኑትራሉን ነው፤ ግራውንዱን አይነካውም። ስለዚህ ሚክሰሩ ጠፍቶም ቀለበቱ እንደተዘጋ ነበር፤ የተከፈተው ገመዱ ከግድግዳ ሲወጣ ነው። ግራውንድ ሉፕን ከሌሎች የጉምጉምታ ዓይነቶች የሚለየው ዋናው ምልክት ይህ ነው።

አሁን ጉምጉምታው እንዴት እንደሚፈጠር በአጭሩ ላስረዳ። የሞኖ ጃክ ኬብል መረቡን ለሁለት ሥራ ይጠቀምበታል፤ መከለያ ነው፣ የድምፁም መመለሻ መንገድ ነው። አምፕሊፋየሩ የሚሰማው በመካከለኛው ሽቦና በመረቡ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ነው። የኋላው ሶኬት ግራውንድና የመድረኩ ሶኬት ግራውንድ እኩል ቮልቴጅ ላይ ካልሆኑ፣ ልዩነቱ በመረቡ ውስጥ የ50 ኸርዝ ከረንት ይነዳል። መረቡም ሽቦ ነውና ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፤ በእርሱ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ በቀጥታ ከድምፁ ጋር ተደምሮ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል። የመረቡን ቮልቴጅ ከንግግሩ ቮልቴጅ የሚለይ ምንም ነገር በመንገዱ ላይ የለም። ኬብሉ ሲረዝም የመረቡ ሬዚስታንስ ስለሚጨምር፣ ሚክሰሩ መድረክ አጠገብ በነበረበት ጊዜ ያልተሰማው ነገር 28 ሜትር ሲሆን ተሰማ።

ቀጥሎ ልዩነቱን እንለካው። ኬብሉን ከአምፕሊፋየሩ ብቻ ነቅለው፣ ሁለቱም ዕቃዎች በርተው፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ መረቡ በተያያዘበት የጃኩ ብረት እጀታ ላይ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ሣጥን ባዶ ብሎን ላይ ያድርጉና የኤሲ ቮልቱን ያንብቡ። አንድ ጊዜ ምጣዱ ጠፍቶ፣ አንድ ጊዜ በርቶ ይለኩት። ስለ ምጣዱ በጨዋታ መካከል ጣል ያደረጉት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ የእኛ ጉምጉምታ ከእናንተው ትንሽ ቀጠን ይላል፤ የእናንተው ወደ ሶል የሚጠጋ፣ የእኛው ከሲ ትንሽ ዝቅ የሚል ነው። ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከድምፅ ማጉያው ጋር ባገናኘሁ ቁጥር ያጉመጉም ነበር። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቼ እንኳ አልቆመም፤ ለሁለት ዓመት ተሠቃይቻለሁ። በመጨረሻ ከውጭ የሚመጣውን የቴሌቪዥን ኬብል ከግድግዳ ስነቅለው ጸጥ አለ። የኬብሉ መረብ ቤቱ መግቢያ ላይ ከግራውንድ ጋር ታስሯል፤ እኔ ግን የመብራት ገመዶችን ብቻ እያየሁ ነበር። በመካከሉ የሚገባ ትንሽ የትራንስፎርመር ማግለያ አስገብቼ ተገላገልኩ። የዕድሩ ልጅም ከመብራቱ ገመድ ውጪ ሌላ ብረት የት እንደሚገባ ይመልከት።

ጎረቤት

እኔ ዲሽ አለኝ፤ ይህን ማግለያ በዲሹ ገመድ ላይ ማድረግ እችላለሁ?

ቀይ ብየዳ

በዲሽ ገመድ ላይ አይሆንም። ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ለዲሹ ራስ 13 ወይም 18 ቮልት ዲሲ ይልካል፤ ትራንስፎርመር ዲሲ ስለማያሳልፍ ዲሹ ኃይል አጥቶ ሥዕሉ ይጠፋል። እርስዎ ማግለያውን ከሪሲቨሩ ወደ ድምፅ ማጉያው በሚሄደው የድምፅ ገመድ ላይ ያድርጉት። ከሜሪላንድ ያሉት ነገር ግን ትክክል ነው፤ የፕሮጀክተሩን ኤችዲኤምአይ እኔም በአንድ ዓይኔ እያየሁት ነው።

የዕድሩ ልጅ

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። የእኔ ርካሽ ቴስተር ትንሹ የኤሲ ክልሉ 200 ቮልት ስለሆነ ዜሮ ብቻ አሳየኝ። «ልዩነት የለም» ብዬ ልጽፍ ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚሊቮልት የሚያነብ ቴስተር አዋሰኝ። ምጣዱ ጠፍቶ 60 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ምጣዱ ሲበራ 2.1 ቮልት ሆነ። ምጣዱ ራሱን በራሱ ሲያጠፋና ሲያበራ ቁጥሩ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ የተለመደ ነው?

ቀይ ብየዳ

60 ሚሊቮልቱ ከፍ ያለ ቢሆንም እንግዳ አይደለም። 2.1 ቮልቱ ግን የተለመደ አይደለም፤ እንዲያውም ከአሁን በኋላ የምንነጋገረው ስለ ድምፅ ብቻ አይሆንም።

መጀመሪያ 60 ሚሊቮልቱን በቁጥር እንየው። እንዲህ ያለ የ28 ሜትር ኬብል መረብ 0.8 ኦም ያህል ቢኖረው፣ የቀለበቱ የቀረው ክፍል ደግሞ 1.2 ኦም ቢሆን፣ በድምሩ 2 ኦም ይሆናል። 60 ሚሊቮልት በ2 ኦም ውስጥ 30 ሚሊአምፔር ያስኬዳል፤ ከዚህም በመረቡ ላይ 24 ሚሊቮልት ይወድቃል። ድምፁ ራሱ 1 ቮልት አካባቢ ከሆነ ጉምጉምታው ከድምፁ አርባ ጊዜ ገደማ ብቻ ያንሳል ማለት ነው። ጸጥ ባለ አዳራሽ ይህ በደንብ ይሰማል። 2.1 ቮልቱን በዚሁ ስሌት ካስገቡት ጉምጉምታው 0.8 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ከንግግሩ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አሁን ወደ ምጣዱ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢሆን 16 አምፔር ይወስዳል። ይህ ከረንት በፌዙ ይመጣል፣ በኑትራሉ ይመለሳል፤ በግራውንዱ ሽቦ ጨርሶ መሄድ የለበትም። ስለዚህ ምጣድ ሲበራ በኑትራሉ ላይ ጥቂት ቮልት ቢወድቅ ተፈጥሯዊ ነው፤ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በ20 ሜትር ላይ 0.14 ኦም ገደማ አለውና 16 አምፔር ሲያልፍበት 2.2 ቮልት ይሰጣል። እርስዎ ያነበቡት 2.1 ነው። በሚክሰሩ ሣጥን ላይ የታየው ቮልቴጅ የኑትራሉን ቮልቴጅ ይህን ያህል የሚመስለው፣ የሚክሰሩ ሣጥን ከኑትራል ጋር ከታሰረ ብቻ ነው።

ግምቴን ልናገር፤ ከኋላው ሶኬት ጋር የሚመጣ የግራውንድ ሽቦ የለም፤ ሶኬቱን የገጠመው ሰው ከኑትራሉ ብሎን ወደ ግራውንዱ ብረት አጭር ሽቦ ዘርግቶበታል። ሶኬቱን እርስዎ አይክፈቱት። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቆጣሪውን አጥፍቶ ይክፈተው።

ፊውዝ

ይህን ግን አልቀበልም። ኑትራልና ግራውንድ በቆጣሪው ቦርድ ላይ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቦርዱ ላይ አንድ ከሆኑ ሶኬቱ ላይ ቢታሰሩ ምን ልዩነት አለው?

ቀይ ብየዳ

እንደዚያ በተሠራ ቤት ቦርዱ ላይ መታሰራቸው እውነት ነው፤ ጥያቄዎም የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ያለው ከቦርዱ እስከ ሶኬቱ ባለው ሽቦ ላይ ነው። በአንድ ነጥብ ብቻ ከታሰሩ ግራውንዱ ከረንት አይሸከምምና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቮልቴጅ ላይ ይቆያል። ሶኬቱ ላይ ሲታሰሩ ግን የሚክሰሩ ሣጥን ራሱ ኑትራል ይሆናል። ከምጣዱ የሚመለሰው ከረንት ሁለት መንገድ ያገኛል፤ አብዛኛው በኑትራሉ ሲመለስ፣ የተወሰነው ደግሞ በሚክሰሩ፣ በድምፅ ኬብሉ መረብና በመድረኩ ግራውንድ አልፎ ወደ ቦርዱ ይመለሳል። 2.1 ቮልት በ2 ኦም ውስጥ 1 አምፔር ያህል ነው። የእንጀራ ምጣዱ መብራት በዕድሩ የድምፅ ኬብል ውስጥ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው በፌዝና በኑትራል መካከል ያለውን ቮልቴጅ ስለሆነ ይህን አይነካውም።

ከድምፁ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። የዚያ መስመር ኑትራል ከሶኬቱ በፊት አንድ ቦታ ላይ ቢላላ ወይም ቢቆረጥ፣ ፌዙ በምጣዱ ሽቦ በኩል ወደ ኑትራሉ ብሎን፣ ከዚያ በአጭሩ ሽቦ ወደ ሚክሰሩ ሣጥን ይመጣል። ማይክሮፎን የያዘው ሰው ምጣዱን እስኪያበሩት ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ፊውዝ

እሺ፤ የምጣዱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። የሸፈንኳቸውን ሶኬቶች የት የት እንደሆኑ እያስታወስኩ ነው።

የዕድሩ ልጅ

ኤሌክትሪሺያን ዛሬ መጣ። ሶኬቱ ሲከፈት ስምንት ሴንቲሜትር የምትሆን ሰማያዊ ሽቦ ከኑትራሉ ብሎን ወደ ግራውንዱ ብረት ተዘርግታ አገኘናት። ወደ ኋላው ግድግዳ የመጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። መድረኩ ጋ ያለው ሶኬት ግን ከቦርዱ ድረስ ትክክለኛ ግራውንድ አለው። ሽቦዋን ነቀላት። ይሁን እንጂ ከነቀላት በኋላ የድምፅ ኬብሉን ሳላገናኝ ሚክሰሩን ሰክቼ ሣጥኑን ስነካው ጣቴን ቆረቆረኝ፤ ኬብሉን ሳገናኘው ደግሞ ጉምጉምታው ቀርቶ በምትኩ ቀጭን ጥዝጥዝታ መጣ።

ቀይ ብየዳ

የሚጠበቅ ነው። አሁን ሚክሰሩ ከሶኬቱ ጨርሶ ግራውንድ አያገኝም። በውስጡ ያለው የመብራት ማጣሪያ ትናንሽ ካፓሲተሮች ከፌዝም ከኑትራልም ወደ ሣጥኑ ያንጠባጥባሉ፤ የድምፅ ኬብሉ ሳይገናኝ ሣጥኑ በቴስተር ቢለካ 100 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከረንቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይቆረቁራል እንጂ አይጥልም፤ ነገር ግን እንዲህ መጠቀም አይገባም።

ለወጥ ቤቱ መስመር የግራውንድ ሽቦ ይሳብለት፤ ምጣዱም ብረት ነውና ይህ ለእናቶችም ያስፈልጋል። ለድምፁ ግን ከኋላው ሶኬት ጨርሰው ይውጡ። ከመድረኩ ሶኬት ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ እስከ ሚክሰሩ ይሳቡ። ሚክሰር የሚወስደው ከአንድ አምፑል ብዙ አይበልጥምና 1.5 ሚሊሜትር ካሬ በቂ ነው። ገመዱን ከድምፅ ኬብሉ ጋር በአንድ መንገድ ይዘርጉት። ቀለበቱ በዚህ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሁለቱ ግራውንዶች የሚነሡት ከአንድ ነጥብ ስለሚሆን የሚያስኬዳቸው ልዩነት ይጠፋል፤ በመካከላቸው ያለው ስፋትም ጠባብ ስለሚሆን ከአካባቢው የሚቀበለው መግነጢሳዊ መስክ ያንሳል።

ስቱዲዮ ጓዳ

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ቀይ ብየዳ የመብራቱን በሚገባ ስላብራሩ እኔ ስለ ኬብሉ ብቻ ልናገር። 28 ሜትር ላይ ሞኖ ጃክ መጠቀም በማንኛውም ሁኔታ ልክ አይደለም። ሚክሰርዎ ባለ ሦስት እግር የኤክስኤልአር ውጤት፣ አምፕሊፋየርዎ ደግሞ የስቴሪዮ ጃክ መግቢያ ካላቸው ባላንስድ መሥራት ይችላሉ። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ድምፁ በሁለት ሽቦዎች ይሄዳል፤ መረቡ የድምፁ መመለሻ መሆኑ ይቀራል፤ አምፕሊፋየሩም የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት ብቻ ይወስዳል። ጉምጉምታው በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚገኝ ልዩነቱ ውስጥ አይታይም። መረቡንም በሚክሰሩ ጫፍ ብቻ ያያይዙት፣ በአምፕሊፋየሩ ጫፍ ቆርጠው ይተዉት፤ ቀለበቱ ያኔ በእውነት ይከፈታል። የመብራቱን ግራውንድ ሳይነኩ ቀለበት መቁረጥ የሚቻለው እንዲህ ነው።

ቀይ ብየዳ

በባላንስዱ እስማማለሁ፤ መረቡን በመቁረጡ ግን አልስማማም። በአንድ ጫፍ የተቆረጠ መረብ ለ50 ኸርዝ ጥሩ ነው፤ ለሞባይልና ለሬዲዮ ሞገድ ግን የተቆረጠው ጫፍ አንቴና ይሆናል። መሣሪያው በደንብ ከተሠራ መረቡ በሁለቱም ጫፍ ቢታሰር ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚያመጣው፣ ኒል መንሲ የተባለው የድምፅ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ «የፒን 1 ችግር» ያለው ነገር ነው፤ አምራቹ የመረቡን እግር በሣጥኑ ላይ ማሰር ሲገባው ወደ ውስጥ ሰርኪዩቱ ወስዶ ያስረዋል፤ የመረቡ ከረንትም የማጉያውን ግራውንድ እያቋረጠ ያልፋል። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ባላንስድ ኬብልም ያጉመጉማል።

ስቱዲዮ ጓዳ

በንድፈ ሐሳብ ልክ ነዎት። እኔ ግን የምሠራው በገበያ ላይ በሚገኙ ርካሽ ዕቃዎች ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ይህ የፒን 1 ችግር አለባቸው። አሥራ አራት ዓመት በመቀበያው ጫፍ ስቆርጥ ሬዲዮ የገባብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ቀይ ብየዳ

እኔ ደግሞ የሬዲዮ ማሠራጫ አጠገብ ስለሠራሁ ይሆናል የምፈራው። በዚህ ላይ እንዳልተስማማን እንቆይ። የዕድሩ ልጅ መጀመሪያ በሁለቱም ጫፍ አስረው ይሞክሩ፤ ካጉመጎመ በአምፕሊፋየሩ በኩል ይፍቱት።

የዕድሩ ልጅ

እንደነገራችሁኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ከመድረኩ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ሳብኩ፤ በአሮጌው ሞኖ ኬብል እንኳ ልዩነቱ ከ60 ሚሊቮልት ወደ 3 ሚሊቮልት ወረደ። ምጣዱ ሲበራም ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ጆሮን ወደ ድምፅ ማጉያው ካላስጠጉ በስተቀር አይሰማም።

ከዚያ «ባላንስድ» የተባለ ዝግጁ ኬብል ገዛሁና ምንም ለውጥ አጣሁ። ተናድጄ ጃኩን ስከፍተው ውስጡ አንድ ሽቦ ብቻ አለ፤ በጃኩ ጫፍና እጀታ መካከል ያለውን የብረት ቀለበት ከእጀታው ጋር በብየዳ አጣብቀውታል። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ያለበት ኬብል በሜትር ገዝቼ ራሴ በየድኩ፤ የኤክስኤልአሩን እግር 2 ከጃኩ ጫፍ፣ እግር 3 ከቀለበቱ፣ እግር 1 ከእጀታው። አሁን ጸጥ አለ። በሁለቱም ጫፍ ታስሮ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ላፕቶፑ ሲገናኝ ጥዝጥዝታ ይመጣል፤ ይኸኛው ከዋናውም ከቻናሉም ማንሸራተቻ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቻርጀሩን ስነቅል ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም። የኤችዲኤምአዩን ኬብል ስነቅለው ነው ፈጽሞ የሚቆመው።

ቀይ ብየዳ

ከማንሸራተቻው ጋር የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሚገባው ከሚክሰሩ በፊት ነው፤ ይህ ሁለተኛ ቀለበት ነው። ፕሮጀክተሩ በጣሪያው ሶኬት ግራውንድ ይነካል፣ በኤችዲኤምአዩ መረብ ወደ ላፕቶፑ ይመጣል፣ ላፕቶፑም በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ወደ ሚክሰሩ ያስገባዋል። ቻርጀሩን መንቀል ብቻውን ያልበቃው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ ሲመጣ የጣሪያውን ሶኬት ያሳዩት፤ ኋላ ግድግዳ ላይ እንዲያ ያደረገው ሰው እዚያም እጁን አላስገባም ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ለድምፁ ግን በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ ያስገቡና የግራውንድ ማንሻውን ክፍት ያድርጉት። ድምፁ በመግነጢስ ይሻገራል፤ ብረት ከብረት ጋር አይገናኝም። ዲአዩን ሚክሰሩ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ውጤቱ ደካማ ስለሆነ የሚገባው በማይክሮፎን መግቢያ ነው። ሁለት ድምፅ ማጉያ ቢኖርዎትም ለንግግርና ለመዝሙር ሞኖ ይበቃል። ከባትሪ የሚሠራውንና ትራንስፎርመር የሌለውን ዲአይ አይግዙ፤ ጉምጉምታውን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ በእውነት አያለያይም።

የዕድሩ ልጅ

ዲአይ በጣም ውድ ሆነብኝ፤ በሱቅ በአርሲኤ የሚሰካ፣ የጣት ያህል የሆነ «የጉምጉምታ ማጥፊያ» አገኘሁና ያንን ገዛሁ። ጥዝጥዝታው ጠፍቷል። ነገር ግን ዘፈን ሲከፈት ከበሮው ቀልሏል፤ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ደግሞ ባሱ ይሰነጠቃል።

ስቱዲዮ ጓዳ

ትራንስፎርመሩ ትንሽ ስለሆነ ነው። ዝቅተኛው ድምፅ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ሲመጣ የብረቱ ልብ ይሞላና ከዚያ በላይ መሸከም አይችልም። የላፕቶፑን ድምፅ ወደ ግማሽ ያውርዱትና ያጡትን በሚክሰሩ ጌይን ይሙሉት፤ መሰንጠቁ ይቀራል። የቀለለው ባስ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ለዚያ ተለቅ ያለ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

የዕድሩ ልጅ

ላፕቶፑን ወደ 45 አወረድኩት፤ መሰንጠቁ ቆመ። ከበሮው አሁንም ቀለል ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ግን እንዲያውም እንዲህ ይሻላል አሉ። የጣሪያውን ሶኬት ቅዳሜ እናስከፍተዋለን፤ ውስጡ የተገኘውን እጽፋለሁ።

ከሜሪላንድ

ሰማያዊ ሽቦ ከተገኘ ፎቶውን ይለጥፉልን።